የውጭ ምንዛሪ ተሰብሳቢና ተከፋይ ሒሳቦች በበጀት ዓመት መዝጊያ፦ የሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ እንደ ማሳያ

በዶላር የሚከፈል ዕዳ በመዝገብ ላይ ሁለት ቁጥር አለው። አንዱ በውሉ ላይ የተጻፈው የዶላር መጠን ሲሆን እስኪከፈል ድረስ አይለወጥም። ሌላው ያ ዶላር በብር ሲመነዘር የሚሰጠው ዋጋ ሲሆን ከምንዛሪው ተመን ጋር በየቀኑ ይንቀሳቀሳል። የሒሳብ መዝገብ የሚያዘው በብር በመሆኑ የወቅቱ ሒሳብ ሲዘጋ ሁለተኛው ቁጥር እንደገና መተመን አለበት። በአሮጌው ተመንና በመዝጊያው ተመን መካከል የሚታየው ልዩነት የምንዛሪ ትርፍ ወይም ኪሳራ ይባላል።

ይህን የሚገዛው ዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 21 (አይኤኤስ 21) ነው። በኢትዮጵያ የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፍ ደረጃዎቹን አስገዳጅ ስላደረገ በውጭ ገንዘብ የሚያበድር፣ የሚበደር፣ የሚያስመጣ ወይም የሚልክ ድርጅት ሁሉ ከዚሁ ደንብ ጋር ይገናኛል። ደንቡ በዋናነት ሦስት ነገር ይጠይቃል። ግብይቱ በተፈጸመበት ቀን ተመን ይመዘገባል፤ በመዝጊያ ቀን ገንዘብ ነክ የሆኑ ሒሳቦች በመዝጊያ ተመን ይተመናሉ፤ ልዩነቱ በዚያው ወቅት ትርፍና ኪሳራ ውስጥ ይገባል። ደንቡ ይህን ያህል አጭር ነው። አስቸጋሪው የትኛው ሒሳብ ገንዘብ ነክ እንደሆነና የትኛው ተመን የመዝጊያ ተመን እንደሆነ መወሰኑ ነው።

ገንዘብ ነክ የሚባለው ሒሳብ ወደፊት የታወቀ ወይም ሊሰላ የሚችል የገንዘብ መጠን የሚቀበሉበት ወይም የሚከፍሉበት ነው። ከደንበኛ የሚሰበሰብ ዶላር፣ ለአቅራቢ የሚከፈል ዶላር፣ በባንክ ያለ የውጭ ምንዛሪና የውጭ ብድር በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። ለአቅራቢ አስቀድሞ የተሰጠ ቅድመ ክፍያ ግን አይገባም። አስመጪው ወደፊት የሚጠብቀው ዕቃ እንጂ ዶላር ስላልሆነ ቅድመ ክፍያው በተከፈለበት ቀን ተመን ቆሞ ይቆያል። ዕቃው ሲገባም በዚያ ክፍያ የተሸፈነው ድርሻ የሚመዘገበው በዚያው አሮጌ ተመን ነው። ውሉ ፈርሶ ገንዘቡ እንዲመለስ ሲወሰን ግን የሚጠበቀው ዶላር ይሆናልና ሒሳቡ ጠባዩን ለውጦ ወደ ተሰብሳቢ ይዛወራል።

የመዝጊያ ተመንን በተመለከተ ባንኮች የመግዣና የመሸጫ ተመን ለየብቻ ያወጣሉ። ደረጃው ብዙ ተመን ሲኖር ገንዘቡ በዚያ ቀን ቢንቀሳቀስ ኖሮ የሚስተናገድበትን ተመን እንዲመርጡ ያዝዛል። ዶላር ገዝቶ ዕዳ የሚከፍል አስመጪ የሚገጥመው የባንኩን መሸጫ ተመን ነው፤ ዶላሩን ለባንክ የሚያስረክብ ላኪ ደግሞ መግዣውን። ሁለቱን አማካይ አድርጎ ለሁሉም ሒሳብ መጠቀም የተለመደ አቋራጭ ነው። ተመኑ ዝግ ብሎ በሚሄድበት ጊዜ ጉዳቱ አይታይም፤ በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ ግን ስህተቱ አብሮ ይሰፋል።

አንድ የአዲስ አበባ አስመጪ በመላምት እንውሰድ፤ ተመኖቹ ለስሌት እንዲመቹ የተጠጋጉ ናቸው። ድርጅቱ የ100,000 ዶላር ጄኔሬተሮች አዘዘ፤ መጋቢት 2016 ላይ 30,000 ዶላር በ57 ብር ተመን ቅድሚያ ከፈለ። ዕቃው ግንቦት ላይ ሲገባ የመሸጫ ተመኑ 58 ብር ነበር፤ ቀሪው 70,000 ዶላር በዱቤ ተያዘ። የዕቃው ዋጋ በመዝገብ ላይ የሁለት ድርሻዎች ድምር ነው፤ ከቅድመ ክፍያው 1,710,000 ብር፣ ከዱቤው 4,060,000 ብር፣ በጠቅላላው 5,770,000 ብር። ተከፋይ ሒሳቡ 4,060,000 ብር ሆኖ ይጀምራል።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን 2016 ሲዘጋ ተመኑ 58.50 ብር ሆነ እንበል። ዕዳው 4,095,000 ብር መሆን ስላለበት የ35,000 ብር ጭማሪ አለ። የምንዛሪ ኪሳራ ዴቢት፣ ተከፋይ ሒሳብ ክሬዲት ይደረጋል። የዕቃው ዋጋ አይነካም፤ ዕቃ ገንዘብ ነክ አይደለምና። ቅድመ ክፍያውም ቀድሞ በዕቃው ውስጥ ገብቶ አልቋል።

በሐምሌ 22 ቀን 2016 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። ቀደም ሲል 57 ብር ገደማ የነበረው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የዶላር መግዣ ተመን በዕለቱ ከ74 ብር አለፈ፤ ከዚያም ለወራት መውጣቱን ቀጠለ። ለውጡ የመጣው ዓመቱ ከተዘጋ 22 ቀን በኋላ ነው። የ2016 ሒሳብ ተዘጋጅቶ የጸደቀው ግን በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ ነበርና ጥያቄው ወዲያው ተነሣ፤ በጠረጴዛ ላይ ያለው ረቂቅ አዲሱን ተመን ይያዝ ወይስ አሮጌውን?

መልሱ በአይኤኤስ 10 ውስጥ አለ። ከመዝጊያ ቀን በኋላ የመጣ ያልተለመደ የምንዛሪ ለውጥ ቁጥር የማያስተካክል ክስተት ተብሎ በስም ተጠቅሷል። ሰኔ 30 ላይ ዶላሩ 58.50 ብር ነበር፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ የሆነው ነገር የዚያን ቀን እውነት አይለውጠውም። ስለዚህ ተከፋይ ሒሳቡ በ4,095,000 ብር ይቀርባል። ክስተቱ ግን አንባቢው ስለ ድርጅቱ የሚወስደውን ውሳኔ ሊለውጥ የሚችል ያህል ትልቅ ከሆነ ምንነቱና በብር የሚገመተው ውጤቱ በማብራሪያው ውስጥ መገለጽ አለበት። ለዚህ ድርጅት እያንዳንዱ የአንድ ብር ጭማሪ 70,000 ብር ያስከፍላል፤ ይህን መጻፍ የግማሽ ገጽ ሥራ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር «ተመኑ ተለውጧል» ብሎ ቁጥሩን መተው ግን ደንቡን አያሟላም።

ኪሳራው የሚታየው በ2017 በጀት ዓመት ነው። ድርጅቱ ወርኃዊ ሒሳብ የሚዘጋ ከሆነ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ጳጉሜንን ጨምሮ፣ ተመኑ 110 ብር ቢሆን ዕዳው 7,700,000 ብር ይሆናል፤ 3,605,000 ብር ኪሳራ ይመዘገባል። በመስከረም በ115 ብር ሲከፈል ከባንክ የሚወጣው 8,050,000 ብር ነው፤ ተጨማሪው ኪሳራ 350,000 ብር። የ2017 ድምር 3,955,000 ብር ሲሆን ከ2016ቱ 35,000 ብር ጋር 3,990,000 ብር ይመጣል። ይህም 70,000 ዶላር በ58 እና በ115 መካከል ባለው 57 ብር ሲባዛ የሚገኘው ራሱ ነው። የመንገዱ ማቆሚያዎች ቢለያዩም ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው ርቀት አንድ መሆን አለበት፤ ካልሆነ መዝገቡ ውስጥ ስህተት አለ።

በጣም የተለመደው ስህተት የሚወለደውም ከእነዚህ ማቆሚያዎች ነው። አንዳንድ ድርጅቶች የወር መጨረሻውን ማስተካከያ በቀጣዩ ወር መጀመሪያ ቀን ይገለብጡታል፤ ሌሎች ደግሞ ሳይገለብጡ ካለበት ላይ ይቀጥላሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በመጀመሪያው መንገድ የ3,605,000 ብሩ ኪሳራ መስከረም 1 ይመለሳል፤ በክፍያ ቀን ከ4,095,000 ብር ተነሥቶ 3,955,000 ብር ይመዘገባል፤ የመስከረም ተጣራ ውጤት አሁንም 350,000 ብር ነው። ችግሩ ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። ሶፍትዌሩ በራሱ ገልብጦት ሳለ የሒሳብ ሠራተኛው ክፍያውን ከተስተካከለው ባላንስ ላይ ቢያሰላ፣ አቅራቢው ሙሉ በሙሉ ተከፍሎት እያለ ተከፋይ ሒሳቡ የ3,605,000 ብር ዴቢት ይዞ ይቀራል።

ይህን ለመያዝ ረጅም ምርመራ አያስፈልግም። የእያንዳንዱ አቅራቢ የብር ባላንስ ለዶላር ባላንሱ ሲካፈል የመዝጊያውን ተመን መስጠት አለበት። ውጤቱ 58.50 መሆን ሲገባው 58.14 ከሆነ ያልተተመነ ደረሰኝ አለ ማለት ነው። ዶላሩ ዜሮ ሆኖ ብሩ ካልጠፋ ደግሞ የተረሳ ወይም ሁለት ጊዜ የተቆጠረ የምንዛሪ ልዩነት ነው። በቅድመ ክፍያ ሒሳብ ላይ ይኸው ስሌት የመዝጊያውን ተመን ከሰጠ መልካም ምልክት አይደለም፤ ፕሮግራሙ መንካት የሌለበትን ሒሳብ ተምኖታል።

በተሰብሳቢ በኩል አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ብር ሲወርድ ላኪው ያተርፋል። እዚህ ላይ ግን የሚያደናግር ነገር አለ። አንድ ቡና ላኪ 50,000 ዶላር በ57 ብር መግዣ ተመን አስመዝግቦ ደንበኛው ክፍያ አዘግይቷል፤ ከዚህም 10,000 ዶላር አይሰበሰብም ተብሎ መጠባበቂያ ተይዟል እንበል። ተመኑ ሰኔ 30 ቀን 2017 ላይ 130 ብር ቢሆን ጠቅላላው ተሰብሳቢ 3,650,000 ብር ትርፍ ያሳያል። መጠባበቂያውም ግን በዶላር የሚለካ ገንዘብ ነክ ሒሳብ ነው፤ ከ570,000 ብር ወደ 1,300,000 ብር ማደግ አለበት። የተጣራው ትርፍ ስለዚህ 2,920,000 ብር ነው። መጠባበቂያውን በአሮጌው ብር ትቶ ተሰብሳቢውን ብቻ የሚተምን መዝገብ ፈጽሞ የማይመጣ የ730,000 ብር ትርፍ ያወራል።

እንደ አስመጪው ይህን ያህል ኪሳራ የደረሰበት ድርጅት ልዩነቱን በዕቃው ወይም በማሽኑ ዋጋ ላይ ለመደመር ቢፈተን አይገርምም። እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ የቀድሞው ደረጃ ለከባድ የምንዛሪ ውድቀት በጥብቅ ቅድመ ሁኔታ ይህን ይፈቅድ ነበር፤ በዚያ ዓመት ማሻሻያ ተሰረዘ። ዛሬ የቀረው ጠባብ በር በአይኤኤስ 23 በኩል ያለው ነው፤ በግንባታ ላይ ላለ ንብረት የተወሰደ የውጭ ብድር የምንዛሪ ልዩነት እንደ ወለድ ወጪ ማስተካከያ በሚታይበት መጠን ብቻ። የአቅራቢ ዕዳ በዚህ በር አይገባም።

ደረጃው የተከፈለበትንና ገና ያልተከፈለበትን ልዩነት አይለይም፤ ሁለቱም ትርፍና ኪሳራ ውስጥ ይገባሉ። ሆኖም በመዝገብ ውስጥ በሁለት ሒሳብ መያዛቸው ጠቃሚ ነው። ገና በወረቀት ላይ ካለ የምንዛሪ ትርፍ የትርፍ ድርሻ ማከፋፈል በእጅ የሌለ ገንዘብን መክፈል ነውና፣ ባለአክሲዮኖች ልዩነቱን ማየት አለባቸው።

የሚቀረው ተመኑ ራሱ እውነተኛ መሆኑ ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት በባንክና በጎንዮሽ ገበያ መካከል ሰፊ ርቀት ነበር፤ አስመጪውም በባንክ ተራ ይጠብቅ ነበር። ክፍያው በስተመጨረሻ በባንክ የሚፈጸም እስከሆነ ድረስ የሚያዘው የባንኩ ተመን ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአይኤኤስ 21 ማሻሻያ ግን ተጨማሪ ጥያቄ አምጥቷል። ድርጅቱ በመዝጊያ ቀን ለተወሰነው ዓላማ ከኢምንት ያልበለጠ ዶላር ብቻ የሚያገኝ ከሆነ ገንዘቡ ሊመነዘር አይችልም ተብሎ ይታያል፤ ተመኑ ይገመታል፤ የግምቱም መሠረት በማብራሪያ ይገለጻል። በመደበኛ አስተዳደራዊ መዘግየት ምክንያት ሁለት ሳምንት መጠበቅ ይህን አያስነሣም። ለወራት ተጠይቆ ያልተገኘ ዶላር ግን ያስነሣዋል፤ ማስረጃውም በባንክ የተሞሉት የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ ቅጾችና በእነሱ ላይ የተሰጡት መልሶች ናቸው።