ሁሉም ነገር ለምን ብረት አልሆነም?

መዳብም አልማዝም በኤሌክትሮን የተሞሉ ናቸው። ታዲያ አንዱ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ ሌላው ለምን ይከለክላል? ድሮ መልሱ ቀላል ነበር፦ በብረት ውስጥ ኤሌክትሮኑ ነጻ ነው፣ በአልማዝ ውስጥ ታስሯል።

እ.ኤ.አ. በ1928 ላይፕዚግ ላይ የሃይዘንበርግ ተማሪ ፌሊክስ ብሎኽ ይህን መልስ አፈረሰው። ኤሌክትሮን እንደ ሞገድ ከታየ፣ በሥርዓት በተደረደሩ አተሞች መሃል ያለ እንቅፋት እንደሚያልፍ በሒሳብ አሳየ። ግሩም ነው! ችግሩ፣ ሒሳቡ ለአልማዝም ይሠራል። እንግዲያው ሁሉም ነገር ብረት ሊሆን ነው ማለት ነው።

እንቆቅልሹን የፈታው በጥር 1931 ከካምብሪጅ ወደ ላይፕዚግ የመጣ የ24 ዓመት ወጣት፣ አለን ዊልሰን ነው። ኤሌክትሮኖች ሊይዙት የሚችሉት ጉልበት ባንድ በሚባሉ እርከኖች እንደሚከፈል፣ በእርከኖቹም መሃል ክፍተት እንዳለ ቀድሞ ታውቋል። ዊልሰን የጠየቀው እርከኑ ሲሞላ ምን ይሆናል ብሎ ነው። በሞላ እርከን ውስጥ ወደ ቀኝ ለሚሄደው ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮን ወደ ግራ የሚሄድ አቻ አለው። ሚዛኑን ለማዛባት ደግሞ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ ጢም ብሎ በሞላ ሚኒባስ ውስጥ ወንበር መቀየር እንደማይቻል ሁሉ። ስለዚህ ኤሌክትሮኖቹ ነጻ ሆነውም ኤሌክትሪክ አያልፍም! ብሎኽ ሲሰማ መጀመሪያ ፈጽሞ አልተቀበለውም፤ ለማመን ቀናት ፈጀበት።

የመዳብ እርከን ግማሹ ባዶ ስለሆነ ከእያንዳንዱ አተም አንድ ያህል ኤሌክትሮን ይንቀሳቀሳል። የሲሊከን እርከን ሙሉ ነው፤ ወደ ቀጣዩ ለመዝለል 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ይጠይቃል። የክፍላችን ሙቀት የሚሰጠው ግን 0.025 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚሳካለት ከ5 ትሪሊዮን አተም አንድ ኤሌክትሮን ያህል ነው። በአልማዝ ክፍተቱ 5.5 ስለሆነ ጭራሽ የሚዘል የለም ማለት ይቻላል። ክፍተቱ 5 እጥፍ ሲሰፋ የሚዘሉት በ5 እጥፍ ብቻ አይቀንሱም፤ ቁጥራቸው እጅግ ያሽቆለቁላል። ልዩነቱን ሲሞቁም ታዩታላችሁ፦ ብረት ሲግል ማስተላለፉ ይቀንሳል፣ ንጹሕ ሲሊከን ግን ይጨምራል።

ንጹሕ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ10 ሚሊዮን የሲሊከን አተሞች አንዱ በቦሮን ቢተካ ኤሌክትሪክ የሚሸከሙት በመቶ ሺዎች እጥፍ ይበዛሉ። የያኔዎቹ ናሙናዎች ቆሻሻ ስለነበሩ ልኬቶቹ እርስ በርስ ይጣሉ ነበር። ታላቁ ፓውሊ እንኳ በ1931 በጻፈው ደብዳቤ፣ ጉዳዩ ጭቃ ነው፣ ከፊል አስተላላፊ የሚባል ነገር ስለመኖሩም ማን ያውቃል ብሎ አጣጥሎት ነበር።

ንድፈ ሐሳቡም ቢሆን ሁሉን አልፈታም። በ1937 ደ ቡር እና ፈርዌይ የተባሉ ሆላንዳውያን ኒኬል ኦክሳይድን ይዘው መጡ። በዊልሰን ቆጠራ እርከኑ አልሞላም፤ ማስተላለፍ ነበረበት፣ ግን አያስተላልፍም። ምክንያቱን ፓየርልስና ሞት ጠቆሙ፦ ቆጠራው እያንዳንዱን ኤሌክትሮን ለብቻው ነው የሚያየው፤ ኤሌክትሮኖች ግን እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። ግፊያው ሲበረታ፣ ባዶ ቦታ እያለም እያንዳንዱ በአተሙ ላይ ቆሞ ይቀራል።