የክብደት ቅብ፦ የታጠፈ ክርን ለምን ይሟሽሻል?

በብሌንደር የተሠራ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲቆም እንከን አይታይበትም። አጥንት አስገብተንለት ክንዱን 90 ዲግሪ ስናጥፈው ግን ክርኑ እንደታጠፈ የውሃ ጎማ ይጠፈጠፋል። ይህን የምናስተካክልበት ሥራ ዌይት ፔይንቲንግ ይባላል፤ በአማርኛ የክብደት ቅብ እንበለው። ክብደት የሚባለው አንድ አጥንት በቆዳው ላይ ያለችን አንዲት ነጥብ ምን ያህል እንደሚያዝ የሚገልጽ ቁጥር ነው። 0 ከሆነ አጥንቱ ነጥቧን አይነካትም፤ 1 ከሆነ በሄደበት ሁሉ ይዟት ይሄዳል። ብሌንደር ቁጥሩን በቀለም ያሳየናል፦ 0 ሰማያዊ፣ ግማሽ አረንጓዴ፣ 1 ቀይ። በብሩሽ ስንቀባ የሚለወጠው ቁጥሩ ነው።

ሥራው ከባዶ አይጀመርም። መጀመሪያ አካሉን፣ ቀጥሎ አጽሙን መርጠን Ctrl+P ስንጫንና With Automatic Weights ስንል ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ አጥንት በአካባቢው ያሉትን ነጥቦች ያከፋፍላል። ለቀላል ሰው አብዛኛው በዚህ ያልቃል። ክንዱ ሲነሣ ጎኑም አብሮ ከተሳበ፣ የላይኛውን ክንድ አጥንት መርጠን ጎኑ ላይ ሰማያዊ ያልሆነ ቦታ እንፈልግና በ0 እንቀባዋለን።

ክርኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከመገጣጠሚያው 5 ሴንቲ ሜትር ርቃ ክርኑ ጫፍ ላይ ያለች ነጥብ እንውሰድ። የላይኛው ክንድ 0.5፣ የታችኛው 0.5 ይዘዋታል። አንዱ ባለሽበት ቆዪ፣ ሌላው 90 ዲግሪ ዙሪ ይላታል። ፕሮግራሙ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ቀጥታ መስመር አስምሮ አጋማሹ ላይ ያስቀምጣታል፤ በክብ አያዞራትም። ስለዚህ ከመገጣጠሚያው ያላት ርቀት ወደ 3.5 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ክርኑን ያሟሸሸው ይህ ነው። የእጅ አንጓ 180 ዲግሪ ሲጠመዘዝማ አጋማሹ መሐል አጥንቱ ላይ ስለሚያርፍ አንጓው ክር ያክላል።

መፍትሔው ከቅቡ በፊት ከቅርጹ ይጀምራል። ክርኑ ላይ ተቀራርበው የሚዞሩ ቢያንስ ሦስት የነጥብ ቀለበቶች ያስፈልጋሉ፤ መካከለኛው ልክ መገጣጠሚያው ላይ ይሁን። የላይኛው ቀለበት 0.75 ለላይኛው ክንድ፣ 0.25 ለታችኛው፤ የታችኛው ደግሞ በተገላቢጦሽ። Auto Normalize ከበራ ድምሩ ምንጊዜም 1 ይሆናል። በመካከለኛው ቀለበት የውስጥ ነጥቦቹን በግማሽ ትተን፣ ክርኑ ጫፍ ላይ ያሉትን ለታችኛው ክንድ 0.8 እንስጣቸው። በእውነተኛው ሰውም ያ ሹል አጥንት የታችኛው ክንድ አካል ነው። ያቺ ነጥብ አሁን 4.1 ሴንቲ ሜትር ላይ ትቆማለች፤ ክርኑም ሹልነቱን ያገኛል።

Preserve Volume የሚባለው ምርጫ ነጥቦቹን በክብ ስለሚያዞራቸው ውፍረቱን ይጠብቃል፤ በጣም ሲታጠፍ ግን መገጣጠሚያውን ያሳብጠዋል። ወደ ጌም ኢንጅን ሲላክም ብዙውን ጊዜ አብሮ አይሄድም። ሰውየው ለጌም ከሆነ ምርጫውን አጥፍቶ መቀባት ይሻላል፤ ለአንጓው ጥምዘዛም የታችኛውን ክንድ ሁለት ሦስት አጥንት ላይ ከፍሎ ዙሩን ማካፈል።