መብራት ሲቆራረጥ ራውተርንና ሞደምን በአነስተኛ ባትሪ መጠበቅ

በሰቆጣ ከተማና በዋግ ኽምራ ደጋማ አካባቢዎች የመብራት መቆራረጥ ከሚጎዳቸው ዕቃዎች መካከል የኢንተርኔት ራውተርና ሞደም ይገኙበታል። ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ የሚደርሰው መብራቱ በጠፋበት ሳይሆን ተመልሶ በመጣበት ቅጽበት ነው። ሳይነቀሉ የቆዩ ማቀዝቀዣዎች፣ ምጣዶችና ሞተሮች በአንድ ጊዜ ሲነሡ ከመደበኛው 220 ቮልት የሚወርድ ወይም የሚያልፍ መዋዠቅ ይፈጠራል። መብራቱ በደቂቃዎች ውስጥ ደጋግሞ ሲሄድና ሲመጣ ደግሞ ራውተሩ ሥራውን ሳያጠናቅቅ እየጠፋ እንደገና ለመነሣት ይገደዳል። በተለይ የውስጥ ፕሮግራሙን በማደስ ላይ ሳለ ኃይል ቢቋረጥበት ዳግም ላይነሣ ይችላል።

ለዚህ የሚያገለግለው በገበያ ላይ ሚኒ ዩፒኤስ የሚባለው አነስተኛ ባትሪ ነው። ባትሪው በአዳፕተሩና በራውተሩ መካከል ይገባል። መብራት ሲኖር ራውተሩን እያሠራ ራሱን ይሞላል፤ ሲጠፋም ያለ መቋረጥ ይተካል።

ከመግዛት በፊት በራውተሩ አዳፕተር ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። በርካታ ራውተሮች በ12 ቮልት ይሠራሉ፤ በ9 ወይም በ5 ቮልት የሚሠሩም አሉ። የባትሪው መውጫ ከዚህ ቁጥር ጋር እኩል መሆን አለበት። ለ9 ቮልት ራውተር 12 ቮልት መስጠት ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል። የአምፔር ቁጥሩ ግን በአዳፕተሩ ላይ ከተጻፈው እኩል ወይም የበለጠ ቢሆን ጉዳት የለውም። የመሰኪያው ስፋትና የአዎንታዊና የአሉታዊ ጫፉ አቀማመጥም ሊመሳሰል ይገባል።

ባትሪው ለስንት ሰዓት እንደሚያገለግል በቀላል ስሌት ማወቅ ይቻላል። በሰቆጣ የሚገኝ አንድ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት፣ በአዳፕተሩ ላይ 12 ቮልትና 1 አምፔር የተጻፈበት ራውተር አለው እንበል። ይህ ከፍተኛው መጠን 12 ዋት ሲሆን፣ ራውተሩ በተለመደው ሥራ ወደ 6 ዋት ገደማ ይጠቀማል። 8,800 ሚሊአምፔር ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ ይህን ቁጥር የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በ3.7 ቮልት አስልቶ ነው፤ ይህም 32 ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። ቮልቴጁ ወደ 12 ሲለወጥ ከዚህ አንድ አምስተኛው ያህል ስለሚባክን 26 ዋት ሰዓት ይቀራል። ለ6 ሲካፈል ከአራት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። የኮፒ ቤቱ ባለቤት አራት ሰዓት ሲጠብቅ ባትሪው በአንድ ሰዓት ካለቀ፣ የተጻፈው ቁጥር የተጋነነ ወይም ባትሪው ያረጀ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ሞልቶ አዳፕተሩን ከሶኬት መንቀልና ራውተሩ እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ መቁጠር በቂ ነው።

በዚህ ፍተሻ ጊዜ አዳፕተሩ ሲነቀል ራውተሩ ጠፍቶ ከተነሣ ባትሪው በፍጥነት አይተካም፤ ለሥራው አይሆንም ማለት ነው። ባዶ የሆነው ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ አዳፕተሩ በጣም የሚግል ከሆነም ራውተሩንና ባትሪውን በአንድነት መሸከም አቅቶታል። እንዲህ ሲሆን በዚያው 12 ቮልት ባለ 2 አምፔር አዳፕተር መተካት ይረዳል፤ ባትሪው ራሱ የሚቀበለውን የአምፔር መጠን ግን በቅድሚያ ማየት ይገባል።

ባትሪው ብቻውን ከከፍተኛ የኃይል መዋዠቅ ሙሉ ጥበቃ አይሰጥም። ኃይለኛ መዋዠቅ አዳፕተሩን አልፎ ባትሪውንም ራውተሩንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ለማቀዝቀዣ የሚያገለግለውን ዓይነት፣ ቮልቴጁ ሲዛባ የሚቆርጥና መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያሳልፍ መቆጣጠሪያ ከሶኬቱ ቀጥሎ ማድረግ ይመከራል። ባትሪው ራውተሩን ስለሚያሠራ በዚህ የመቆያ ጊዜ ኢንተርኔቱ አይቋረጥም።

በክረምት መብረቅ ደግሞ አደጋው በመብራት መስመር ብቻ ሳይሆን በስልክ መስመርም ይገባል። በስልክ ሽቦ የሚሠራ ሞደም ያለው ደንበኛ ነጎድጓድ ከመቅረቡ በፊት አዳፕተሩንም የስልክ ሽቦውንም መንቀል አለበት። ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ሽቦውን መንካት ለሰው አደገኛ ነው።

የባትሪው አገልግሎት በቤት ውስጥ ባለው ዕቃ ላይ የተወሰነ ነው። መብራት በጠፋበት ጊዜ የራውተሩ የኃይልና የዋይፋይ መብራቶች በርተው የኢንተርኔቱ መብራት ከጠፋ ወይም ቀይ ከሆነ፣ የተቋረጠው ምናልባት የቴሌኮም ጣቢያው ወይም መስመሩ ነው። ያን ጊዜ ተጨማሪ ባትሪ መግዛት መፍትሔ አይሆንም።

በውስጡ ያለው የሊትየም ባትሪ አየር በሚያገኝበት ስፍራ እንጂ በጨርቅ ተሸፍኖ ወይም ከራውተሩ ላይ ተደርቦ መቀመጥ የለበትም። ካበጠ፣ ከተለመደው በላይ ከጋለ ወይም ሽታ ካመጣ ወዲያውኑ ተነቅሎ ከቤት መውጣትና ከአገልግሎት መወገድ ይኖርበታል።