ሩዝ የሚጣበቅበትና የሚጠጥርበት ምክንያት፣ እንዲሁም በምድጃ ላይ እኩል የማብሰያ ዘዴ

በሩዝ ፍሬ ላይ የቀረው ዱቄት በሙቅ ውኃ ሙጫ ይሆንና ፍሬዎቹን ያጣብቃል፤ ደጋግሞ ማማሰልም ያባብሰዋል። እሳቱ ሲበረታ ወይም ክዳኑ ሲከፈት ግን ውኃው ቀድሞ ይተንናል፤ የፍሬው መካከል ጠጣር ሆኖ ይቀራል። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ውኃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ፣ ሩዝ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል።

አሠራር፦
1. 1 ኩባያ ነጭ ረጅም ፍሬ ሩዝ፣ የሚታጠብበት ውኃ እስኪጠራ ድረስ አጥቦ ማጠንፈፍ።
2. ከ2 ኩባያ ውኃ ጋር ማፍላት፤ እንደፈላ እሳቱን በጣም ቀንሶ ድስቱን መክደን።
3. ሳያማስሉ ለ20 ደቂቃ ያህል ማብሰል።
4. ከእሳት አውርዶ፣ ክዳኑን ሳይከፍቱ ለ10 ደቂቃ ማቆየትና በሹካ ማላቀቅ።

ፍሬው ሲቀመስ መካከሉ ከጠጠረ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ጨምሮ፣ ከድኖ በዝግተኛ እሳት ለ5 ደቂቃ ማቆየት ይገባል።