መደበኛ ያልሆነ ኢኮኖሚ እና ቀጥታ ያልሆነ ታክስ

መደበኛ ያልሆነ ኢኮኖሚ የሚባለው ያለ ንግድ ፈቃድ፣ ያለ ሂሳብ መዝገብና ያለ ደረሰኝ የሚካሄድ ሥራና ንግድ ነው። ይህ ዘርፍ ሰፊ በሆነባቸው አገሮች ከገቢ ግብር የሚገኘው ገንዘብ አነስተኛ ስለሚሆን፣ መንግሥት በዕቃና በአገልግሎት ዋጋ ላይ በሚታሰቡ ቀጥታ ያልሆኑ ታክሶች ይደገፋል። ኢትዮጵያ ለዚህ አንዷ ምሳሌ ናት።

የገቢ ግብር ለምን ያንሳል?

የገቢ ግብር ለመሰብሰብ የሰውየውን ገቢ የሚያውቅና የሚያሳውቅ ሌላ ወገን ያስፈልጋል። ለደመወዝተኛ ይህ ወገን አሠሪው ነው። ለምሳሌ በሐዋሳ ከተማ ፒያሳ የሚሠራና በወር 5,000 ብር የሚከፈለው ተቀጣሪ፣ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የመጀመሪያ ምጣኔ መሠረት 697 ብር ከ50 ሳንቲም ግብር ነበረበት። ገንዘቡ እጁ ሳይገባ በአሠሪው በኩል ተቀንሶ ይከፈላል። በዚያው ሰፈር ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ያንኑ ያህል ብታገኝ እንኳ ሽያጩ በጥሬ ገንዘብ ስለሆነ የሚመዘግበው የለም። እያንዳንዱን እንዲህ ያለ ነጋዴ ለመከታተል የሚወጣው ወጪ ከሚገኘው ግብር ሊበልጥ ይችላል።

ስለዚህ መዝገብ የማይዙ አነስተኛ ነጋዴዎች በቀን ገቢ ግምት ላይ ተመሥርቶ ቁርጥ ግብር ሲጣልባቸው ቆይቷል። ግምት ግን ያከራክራል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. አዲሱ ግምት ይፋ ሲሆን በአዲስ አበባ ቅሬታ ተነሥቷል፤ በኦሮሚያ ከተሞችም ነጋዴዎች ሱቆቻቸውን ዘግተዋል።

ቀጥታ ያልሆነ ታክስ እንዴት ይደርሳል?

ጉምሩክ፣ ትልልቅ ፋብሪካዎችና የቴሌኮም ድርጅቶች ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ ለቁጥጥር ይመቻሉ። እዚያ የተከፈለው ታክስ በዋጋ ውስጥ ገብቶ እስከ ጉልት ይወርዳል። በ1995 ዓ.ም. የሽያጭ ታክስን የተካው ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። ቡና ሻጯ ከተመዘገበ ሱቅ በ460 ብር ሳሙና ብትገዛ፣ 400 ብሩ የዕቃው ዋጋ፣ 60 ብሩ ታክስ ነው። ለታክሱ የተመዘገበ ካፌ ይህንኑ 60 ብር ከደንበኞቹ ከሰበሰበው ታክስ ላይ ያቀናንሳል። እሷ ግን ስላልተመዘገበች ማቀናነስ አትችልም፤ ታክሱ ወጪ ሆኖባት ይቀራል። ስለዚህ መደበኛ ያልሆነው ዘርፍ ምንም ታክስ አይከፍልም ማለት ትክክል አይደለም።

ገደቦቹ

ዕቃው በኮንትሮባንድ ከገባ ወይም ያለ ደረሰኝ ከተሸጠ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ሻጩ «ያለ ደረሰኝ ይቀንስልሃል» ማለቱ የዚህ ምልክት ነው። በተጨማሪም ታክሱ የገዢውን አቅም አይለይም፤ ለዚያው ሳሙና ሀብታሙም ድሀውም 60 ብር ይከፍላሉ፤ ከድሀው ገቢ ላይ የሚወስደው ድርሻ ግን ይበልጣል። ኢኮኖሚስቶቹ ሻሂ ኤምራን እና ጆሴፍ ስቲግሊትዝ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ ሰፊ መደበኛ ያልሆነ ዘርፍ ባለበት አገር የንግድ ቀረጥን ቀንሶ በተጨማሪ እሴት ታክስ መተካት የሕዝቡን ደኅንነት ሊጎዳ እንደሚችል ተከራክረዋል፤ ምክንያታቸውም ታክሱ መደበኛ ያልሆነውን ዘርፍ ሙሉ በሙሉ አለመሸፈኑ ነው።