የተከራይ የስንብት ማስታወሻ

ለረጅም ጊዜ የኖረ ተከራይ ቤቱን ሲለቅ ለአከራዩ የሚተወው አጭር የምስጋና ጽሑፍ። አዲስ አበባን በመሳሰሉ ከተሞች ተከራይና አከራይ ብዙ ጊዜ አንድ ግቢ ስለሚጋሩ ምስጋናው ከኪራይ ውል ይልቅ ወደ ጉርብትና ያደላል። ጥሩ ማስታወሻ የሚለየው አንድ የተደረገ ነገር በስሙ በመጥራቱ ነው፦ «እትዬ፣ ውሃ በጠፋ ሰሞን ከበርሜልዎ እየቀዳን ልጆቻችንን አጥበናል፤ ስወልድም ገንፎውን ያገነፉልኝ እርስዎ ነዎት። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።» «ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» ብቻ የሚል ግን ለማንም ሊጻፍ ይችላል።

ከምስጋናው ቀጥሎ የሚለቀቅበት ቀን፣ የተመለሱት ቁልፎች ብዛትና አከራዩ ባሉበት የተነበበው የመብራት ቆጣሪ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰፍራሉ። የመጨረሻው ወር ፍጆታ ከተከራዩ መውጣት በኋላ ስለሚሰላ ይህች ቁጥር ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች። ያልተመለሰ የመያዣ ገንዘብ ካለ ለብቻው ይጻፋል፤ ከምስጋና ጋር ሲደባለቅ ምስጋናው ደጅ ጥናት ይመስላል።

ማስታወሻው የውል ማቋረጫ ማስታወቂያን አይተካም። ማስታወቂያው ውሉ በሚያዘው ጊዜ አስቀድሞ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ማስታወሻው ከቁልፉ ጋር በእጅ ይደርሳል።