የነርስ የተረኛ ርክክብ ማስታወሻ

ከድምፅ ቅጂ ወደ ወረቀት የተገለበጠ፣ ለእይታ የተዘጋጀ አብነት

ከአንገቱ አካባቢ ወደ ጎባ የተላከች፣ ከባድ የእርግዝና ደም ግፊት ያለባት እናት ማግኒዥየም ሰልፌት ጀምራለች። የሌሊቷ ነርስ ድምፅ እንዲህ ይላል፦ «ሲስተርዬ፣ ይቺኛዋን 10 ሰዓት ላይ 5 ግራም ወግቻታለሁ፤ ሽንቷ ጥሩ ነው።»

«ይቺኛዋ» ስትል በጣቷ እያመለከተች ነበር። ጣት ግን አይቀረጽም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የካርድና የአልጋ ቁጥር ገባ። «10 ሰዓት» የተባለውም «ከሌሊቱ 10 ሰዓት» ተብሎ ተጻፈ። በፈረንጅ አቆጣጠር የምሽቱ 10 ሰዓት ተደርጎ ቢነበብ፣ በመካከል ሁለት መርፌዎች የተዘለሉ ይመስላል።

መርፌው በየ4 ሰዓቱ ስለሚሰጥ ቀጣዩ የሚደርሰው ጠዋት 2 ሰዓት፣ ልክ በርክክቡ ሰዓት ነው። ወጪዋ ለገቢዋ፣ ገቢዋም ለወጪዋ ልትተወው የምትችለው መርፌ ይህ ነው። ከዚያ በፊት ትንፋሽ በደቂቃ ከ16 አለማነሱ፣ የጉልበት ምላሽ መኖሩና ሽንት በ4 ሰዓት ቢያንስ 100 ሚሊ ሊትር መሆኑ ይታያል። መድኃኒቱ ሲበዛ መጀመሪያ የጉልበት ምላሽ ይጠፋል፤ ቀጥሎ ትንፋሽ ይደክማል። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት አልጋው አጠገብ ይቀመጣል።

በእኔ ግምት የማስታወሻው ምርጥ መስመር ስለ ሽንት የተጻፈው ነው። ጸሐፊዋ «ጥሩ» የሚለውን ወደ ቁጥር አልለወጠችም፤ «መጠኑ አልተነገረም፣ ከመርፌው በፊት ይለካ» ብላ ጻፈች።

ከግርጌ ያሉት ሁለት ፊርማዎች የአስረካቢዋና የተረካቢዋ ናቸው።